ክፍያ ሲጨምር፣ የመክፈያ ጊዜም ሲቀየር፦ ለወላጆች የሚላክ ደብዳቤ አጻጻፍ

ግንቦት ሲገባ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «የትምህርት ክፍያ ልንጨምር ነው። አከፋፈሉንም ከወር ወደ ሩብ ዓመት ልናዞረው ነው። ለወላጅ የምንበትነውን ደብዳቤ እንዴት ብንጽፈው ይሻላል?» ጠያቂዎቹ እዚሁ ጅማ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምነግር ሥራውን ከነምክንያቱ እዚህ ላስቀምጠው።

ጭማሪ ብቻ ማሳወቅ ብዙ አያስቸግርም። የመክፈያ ቀን ብቻ መለወጥም እንዲሁ። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ ሲመጡ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህር ሳለሁ እኔው የጻፍኩት ደብዳቤ «ክፍያው በሩብ ዓመት 3,600 ብር ሆኗል» ይል ነበር። ከዚያ በፊት ወላጅ የሚከፍለው በወር 1,200 ብር ነው። ደብዳቤው በወጣ ማግስት ጠዋት አንዲት እናት ከኮቼ መጡ። ወረቀቱን አራት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና ቁጥሩን በጣታቸው ነካ አድርገው «መምህር፣ 1,200 የነበረው እንዴት በአንዴ 3,600 ይሆናል? ሦስት እጥፍ?» አሉኝ።

ሦስት እጥፍ አልነበረም። 3,600 ብሩ የሁለት ወር ተኩል ክፍያ ነው። እውነተኛው ጭማሪ በወር 240 ብር ነበር። ግን ደብዳቤዬ ውስጥ 240 የሚል ቁጥር የለም። 1,200 የሚልም የለም። እናትየው የቆጠሩት በሚያውቁት መንገድ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በሩ በወላጅ ተሞልቶ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል። የገንዘቡ መጠን ለውጥና የመክፈያው ጊዜ ለውጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ደብዳቤው ላይ በዓይን መታየት አለበት። ምሳሌውንም በእነዚያው ቁጥሮች እሠራዋለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት ጠረጴዛዎ ላይ የሚኖሩ ነገሮች

- ጭማሪው የተወሰነበት የወላጆች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የተፈረመበት
- ባለፈው ዓመት ስለ ክፍያ የወጣው ደብዳቤ
- የመጪው ዓመት የትምህርት ካላንደር
- የትምህርት ቤቱ የባንክ ሂሳብ ደብተር ወይም ባንኩ የሰጠው ማረጋገጫ
- የተማሪዎች ስም ዝርዝር በየክፍሉ
- የትምህርት ቤቱ አርማ ያለበት ወረቀት፣ ክብ ማኅተም፣ የርዕሰ መምህሩ ቲተር
- የወጪ ደብዳቤ መዝገብ

ያለፈውን ዓመት ደብዳቤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ወላጅ አዲሱን ወረቀት የሚያነበው ከአሮጌው ጋር እያስተያየ ነው። አምና «የአገልግሎት ክፍያ» ያላችሁትን ዘንድሮ «የትምህርት ክፍያ» ካላችሁት፣ አዲስ ክፍያ የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ስያሜው ባለበት ይቆይ።

1. ውሳኔው ይለቅ፣ ከዚያ ይጻፉ

ይህ ደብዳቤ ያለቀ ውሳኔ ማሳወቂያ ነው። ሐሳብ ማቅረቢያ አይደለም። ጭማሪው ከወላጆች ጋር ውይይት ተደርጎበት፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞና ተፈርሞ መሆን አለበት። ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚጠበቅ ነገር ካለም አስቀድመው ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። በቃል «ምንም ችግር የለውም» መባሉ ለፋይልዎ አይበቃም።

ቃለ ጉባኤውን ሲያነብቡ ሦስት ነገር ያረጋግጡ። ስብሰባው የተደረገበት ቀን፣ የተስማሙበት የብር መጠን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ። ደብዳቤው ከቃለ ጉባኤው በአንድ ብር እንኳ መለየት የለበትም። ስብሰባ ላይ የነበሩ ወላጆች ቁጥሩን ያስታውሳሉ። ላልመጡት የሚያወሩትም እነሱ ናቸው።

> ማስጠንቀቂያ፦ ስብሰባው ላይ ያልተነሳ ክፍያ፣ ለምሳሌ የትራንስፖርት ወይም የመጽሐፍ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አያስገቡ። ስምምነት የተደረሰበትንም አብሮ ያበላሸዋል።

2. ሂሳቡን በትንሽ ሠንጠረዥ ይሥሩ

ከመጻፍዎ በፊት ባዶ ወረቀት ይውሰዱና አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የእኛ ምሳሌ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው ነው። ትምህርት ቤቱ በዓመት የሚያስከፍለው የ10 ወር ነው።

| | 2018 ዓ.ም | 2019 ዓ.ም | ልዩነት |
|---|---|---|---|
| በዓመት | 12,000 ብር | 14,400 ብር | 2,400 ብር |
| በወር ሲታሰብ | 1,200 ብር | 1,440 ብር | 240 ብር |
| በአንድ ጊዜ የሚከፈለው | 1,200 ብር (በየወሩ) | 3,600 ብር (በየሩብ ዓመቱ) | — |

የመጀመሪያው መስመር እውነተኛውን ጭማሪ ያሳያል። ሁለተኛው ወላጅ በለመደው መለኪያ ይነግረዋል። ሦስተኛው ባንክ ሲሄድ ስንት ይዞ እንደሚሄድ ይነግረዋል። ሦስተኛው መስመር ላይ የልዩነቱን ቦታ ባዶ የተውኩት ሆን ብዬ ነው። የአንድ ወርና የሁለት ወር ተኩል ክፍያ አይቀናነሱም። እዚያ ላይ 2,400 ብር ብለው ቢሞሉ፣ ኮቼ ያሉትን እናት ያስደነገጣቸውን ስህተት በሠንጠረዥ ደገሙት ማለት ነው።

ሂሳቡን በሁለት መንገድ ይፈትሹ። 3,600 በ4 ሲባዛ 14,400 ይመጣል። 1,440 በ10 ሲባዛም 14,400 ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ የሆነ ቦታ ተጠጋግቷል ማለት ነው፤ ከመጻፍዎ በፊት ያግኙት።

መቶኛውን፣ ማለትም 20 በመቶውን፣ ከፈለጉ ከብሩ በኋላ ይጥቀሱት። ብቻውን ግን አያቁሙት። «20 በመቶ ጨምሯል» የሚል ደብዳቤ ያነበበ ወላጅ ስልኩን አውጥቶ ማስላት አለበት። አንዳንዱ በወሩ ላይ፣ አንዳንዱ በዓመቱ ላይ ያሰላል፤ ከዚያ በር ላይ ተገናኝተው ይከራከራሉ።

ቅድመ አንደኛና 7ኛ–8ኛ ክፍል የተለያየ ክፍያ ካላቸው፣ ለየደረጃው የተለየ ደብዳቤ ያትሙ። ሁሉንም በአንድ ትልቅ ሠንጠረዥ መጨመቅ ለጸሐፊዋ ይቀላል። ለወላጅ ግን የራሱን ልጅ መስመር መፈለግ ይሆንበታል፤ የሌላውን ክፍል ዋጋ አንብቦ ከፍሎ የሚመጣም አለ።

3. የመክፈያ ቀኖቹን ከጅማ ሰው ኪስ ጋር ያስማሙ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። አብዛኛው ርዕሰ መምህር ሩብ ዓመቱ የሚጀምርበትን ቀን አይቶ ያንኑ የመክፈያ ማብቂያ ያደርገዋል። ካላንደሩ ይስማማል፤ ኪሱ ግን አይስማማም።

መስከረምን ያስቡ። አዲስ ዓመት፣ መስቀል፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ጫማ። በዚህ ላይ የሁለት ወር ተኩል ክፍያ በአንዴ ሲጨመር ደመወዝተኛውም ይጨንቀዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍያ ማብቂያ ወደ ጥቅምት መጀመሪያ ባሻግረው እመርጣለሁ። የመስከረም ደመወዝ ያኔ ገብቷል።

ከቡና ጋር የሚኖረው ወላጅ ደግሞ ሌላ ካላንደር አለው። በእኛ አካባቢ ቡና የሚለቀመው ከመስከረም መጨረሻና ከጥቅምት ጀምሮ ነው። እሸቱን የሚሸጠው ቶሎ ብር ያገኛል። ጀንፈል አድርጎ የሚያደርቀው ቆየት ይላል። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍያ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ቢውል ለብዙ ቤት ይመቻል። ኅዳር መጀመሪያ ቢሆን ግን ቡናው ገና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ነው የሚጠይቁት።

በዓላትንም ይቁጠሩ። በ2019 ዓ.ም ረመዳን በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ይገባል፤ ዒድ አል-ፈጥር ወደ ወሩ መጨረሻ ይጠጋል። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። የበዓል ወጪ የሚከብደው ዋዜማው ላይ ነው። ሦስተኛው ክፍያ ከዒዱ፣ አራተኛው ከፋሲካው በደንብ ቀደም ቢል ጥሩ ነው።

ቀኑ የሚውልበትንም ይመልከቱ። ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው፤ ዓርብ ጁምዓ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ ላይ የወደቀ ማብቂያ ደግሞ «ሰኞ ብከፍል ዘገየሁ ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል። ማክሰኞና ረቡዕ ይሻላሉ። በዚህ ስሌት የምሳሌያችን ቀኖች እነዚህ ናቸው።

- 1ኛ ሩብ ዓመት፦ እስከ ረቡዕ ጥቅምት 4 ቀን 2019 ዓ.ም
- 2ኛ ሩብ ዓመት፦ እስከ ማክሰኞ ታኅሣሥ 6 ቀን 2019 ዓ.ም
- 3ኛ ሩብ ዓመት፦ እስከ ረቡዕ የካቲት 10 ቀን 2019 ዓ.ም
- 4ኛ ሩብ ዓመት፦ እስከ ረቡዕ ሚያዝያ 6 ቀን 2019 ዓ.ም

በእያንዳንዳቸው መካከል ሁለት ወር ገደማ አለ። ካላንደሩ ላይ ቀኑን ከነዕለቱ ይፈትሹት። ዕለቱና ቀኑ የማይገጥሙበት ደብዳቤ ስልክ ያስደውላል።

4. የደብዳቤውን ራስ ይሙሉ

ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥርና ቀን ይሁን። ቁጥሩ ከወጪ መዝገቡ የሚወሰድ ነው። ለምን ያስፈልጋል? ከስድስት ወር በኋላ ወላጅ «እንዲህ የሚል ደብዳቤ አልደረሰኝም» ሲል፣ ወይም ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሲጠይቅ፣ የትኛው ደብዳቤ እንደሆነ በአንድ ቁጥር ይገኛል።

ቀጥሎ «ለ፦» የሚለው ይመጣል። «ለተማሪ ወላጆች» ብቻ አይበሉ፤ «ለወላጆችና አሳዳጊዎች» ይበሉ። አያቱ ወይም አክስቱ ዘንድ የሚያድግ ልጅ በየክፍሉ አለ።

«ጉዳዩ፦» የሚለው ላይ ሁለቱንም ለውጥ ይጥሩ። «ክፍያን ይመለከታል» የሚል ርዕስ ምንም አይናገርም። ውዝፍ የሚጠይቅ መስሎት ሳያነብ የሚያስቀምጠው አለ።

5. የደብዳቤውን አካል በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉ

አንድ የሰላምታ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ወዲያው ውሳኔው። «እንደሚታወቀው ትምህርት ለአንድ አገር ዕድገት…» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ወላጁን ቁጥሩን እስኪያገኝ ያስጨንቀዋል። ገንዘብ የሚጠይቅ ወረቀት መሆኑን ከርዕሱ አውቋል፤ የሚፈልገው ስንት እንደሆነ ነው።

ከውሳኔው ቀጥሎ ሠንጠረዡ። ከሠንጠረዡ በታች አንዲት ዓረፍተ ነገር፦ 3,600 ብር የሁለት ወር ተኩል ክፍያ እንጂ የአንድ ወር አለመሆኑን በግልጽ የምትናገር። ከደብዳቤው አንድ ነገር ብቻ አድምቁ ብባል ይህችን ነው የማደምቃት።

ከዚያ ምክንያቱ። ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይለፍ። «በኑሮ ውድነት ምክንያት» ብቻ ብለው አያቁሙ። የኑሮ ውድነቱ ወላጁም ቤት ገብቷልና ለእሱ ምክንያት አይሆነውም። ጭማሪው የት እንደሚሄድ ይንገሩት፦ ለመምህራን ደመወዝ፣ ለሕንፃ ኪራይ፣ ለቤተ ሙከራ ዕቃ። ቃለ ጉባኤው ላይ ያለውን ብቻ ይጻፉ። ያልተወሰነ ነገር ቃል ከገቡ በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ላይ ይነበብልዎታል።

የመክፈያው ጊዜ ለምን እንደተቀየረም አንድ ዓረፍተ ነገር ይስጡት። ወላጅ ጭማሪውን ተቀብሎ «ግን ለምን በአንዴ?» ብሎ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው።

6. እንዴት እንደሚከፈል አንድ በአንድ ያስቀምጡ

የባንኩ ስም፣ የሂሳብ ቁጥሩ፣ ሂሳቡ የተከፈተበት ስም። የመጨረሻው አይዘለል። ወላጅ በስልኩ ሲያስተላልፍ ቁጥሩን ካስገባ በኋላ የባለ ሂሳቡ ስም ይመጣለታል። ባንክ ላይ ያለው ስም የባለቤቱ ከሆነ፣ ደብዳቤው ላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ካለ፣ ተጠራጥሮ ይተወዋል። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ልክም ነው።

ቁጥሩን ከደብዳቤው ላይ እያዩ በራስዎ ስልክ ያስገቡት። ከፋይሉ አይገልብጡ፤ ከታተመው ወረቀት እያነበቡ ይምቱ። ስሙ በትክክል ከመጣ ያቁሙ፤ መላክ አያስፈልግም። አንድ አኃዝ ተዛብቶ መቶ ወላጅ ጋ ከደረሰ በኋላ ማረም ከባድ ነው። ወደ ሌላ ሰው ሂሳብ የገባ ገንዘብ ቶሎ አይመለስም።

ማስታወሻ የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደሚጻፍም ይንገሩ፦ የተማሪው ስም ከነአባቱና ክፍሉ። ይህ ካልተጻፈ ገንዘብ ያዧ የምታየው የወላጁን ስም ብቻ ነው። «አህመድ» ብቻ ይዛ የማን አባት እንደሆነ ስትፈልግ ትውላለች።

7. ለተቸገረ ወላጅ መንገድ ይተዉ

ከወር ወደ ሩብ ዓመት መሄድ ጭማሪ ባይኖረውም እንኳ የሚከብደው ሰው አለ። በቀን ሠርቶ የሚገባ፣ በባጃጅ የሚተዳደር ሰው 1,440 ብር ያገኛል፤ 3,600 ግን በአንዴ አይዝም። ስለዚህ ከማብቂያው ቀን በፊት ለጠየቀ ሰው ለሁለት ከፍሎ የሚከፍልበትን መንገድ ደብዳቤው ላይ ይጻፉ። ማን ጋ እንደሚሄድም ይግለጹ። ካልጻፉት የሚጠቀምበት ደፋሩ ብቻ ነው። ያፈረው ልጁን ያስቀራል።

> ማስጠንቀቂያ፦ «ያልከፈለ ተማሪ ክፍል አይገባም» የሚል ዓረፍተ ነገር በዚህ ደብዳቤ ላይ አይጻፉ። ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤት የሚሄደው ልጁ ነው፤ መንገድ ላይ ያነበዋል። የክፍያ ጉዳይ በአዋቂዎች መካከል ይለቅ።

የ2018 ውዝፍ ያለበት ወላጅ ካለ ለብቻው ይጻፉለት። ውዝፍና አዲስ ክፍያ አንድ ወረቀት ላይ ከገቡ፣ ያለበትን ከከፈለ በኋላ የአዲሱን ዓመት የከፈለ ይመስለዋል።

ሙሉ ናሙናው

ቅንፍ ውስጥ ያለውን በራስዎ ይሙሉ። ቀሪውን እንዳለ መውሰድ ይችላሉ።

> ቁጥር፦ (ከወጪ መዝገብ)
> ቀን፦ ግንቦት 24 ቀን 2018 ዓ.ም
>
> ለ፦ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለሚማሩ ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
> ጅማ
>
> ጉዳዩ፦ የ2019 ዓ.ም የትምህርት ክፍያ ጭማሪንና የመክፈያ ጊዜ ለውጥን ስለማሳወቅ
>
> በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።
>
> ቅዳሜ ግንቦት 15 ቀን 2018 ዓ.ም በተደረገው የወላጆች ስብሰባ በተደረሰው ስምምነት መሠረት፣ ከ2019 ዓ.ም መጀመሪያ ጀምሮ ሁለት ለውጦች ተግባራዊ ይሆናሉ።
>
> አንደኛ፦ የክፍያው መጠን። ዓመታዊው የትምህርት ክፍያ ከ12,000 ብር ወደ 14,400 ብር ከፍ ብሏል። ይህም በወር ሲታሰብ 1,200 ብር የነበረው 1,440 ብር ይሆናል ማለት ነው። ጭማሪው በወር 240 ብር ነው።
>
> ሁለተኛ፦ የመክፈያው ጊዜ። በየወሩ ይከፈል የነበረው በየሩብ ዓመቱ፣ በዓመት አራት ጊዜ ይከፈላል። በአንድ ጊዜ የሚከፈለው 3,600 ብር ነው። ይህ የሁለት ወር ተኩል ክፍያ እንጂ የአንድ ወር ክፍያ አይደለም።
>
> 1ኛ ሩብ ዓመት፦ 3,600 ብር፣ እስከ ረቡዕ ጥቅምት 4 ቀን 2019 ዓ.ም
> 2ኛ ሩብ ዓመት፦ 3,600 ብር፣ እስከ ማክሰኞ ታኅሣሥ 6 ቀን 2019 ዓ.ም
> 3ኛ ሩብ ዓመት፦ 3,600 ብር፣ እስከ ረቡዕ የካቲት 10 ቀን 2019 ዓ.ም
> 4ኛ ሩብ ዓመት፦ 3,600 ብር፣ እስከ ረቡዕ ሚያዝያ 6 ቀን 2019 ዓ.ም
>
> ጭማሪው የሚውለው (በቃለ ጉባኤው ላይ ለተጠቀሰው) ነው። የመክፈያው ጊዜ የተቀየረው ወላጆች በየወሩ ባንክ ከመመላለስ እንዲያርፉ፣ ትምህርት ቤቱም የመምህራንን ደመወዝ በወቅቱ እንዲከፍል ነው።
>
> ክፍያው የሚፈጸመው በ(ባንክ ስም)፣ በሂሳብ ቁጥር (…)፣ በ(ባለ ሂሳቡ ስም) ነው። ሲከፍሉ በማስታወሻው ላይ የተማሪውን ሙሉ ስምና ክፍል እንዲጽፉ፣ ደረሰኙንም ለሂሳብ ክፍል እንዲያሳዩ በአክብሮት እንጠይቃለን።
>
> የሩብ ዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ለመክፈል የሚቸገሩ ወላጆች ከማብቂያው ቀን በፊት ርዕሰ መምህሩን በማነጋገር በሁለት ጊዜ መክፈል ይችላሉ።
>
> ለጥያቄ፦ በሥራ ሰዓት በስልክ ቁጥር (…) ወይም በአካል በርዕሰ መምህሩ ቢሮ።
>
> ከሰላምታ ጋር
>
> (ፊርማ፣ ቲተር፣ ክብ ማኅተም)
>
> ግልባጭ፦
> ለጅማ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት
> ለወላጅ መምህር ኅብረት
> ለሂሳብ ክፍል
> ጅማ
>
> ✂ ……………………………………
> የተማሪው ስም ………………… ክፍል ………
> ደብዳቤው ደርሶኝ አንብቤዋለሁ። የወላጅ/አሳዳጊ ስምና ፊርማ …………………
> ይህ ቁራጭ እስከ ዓርብ ሰኔ 12 ቀን 2018 ዓ.ም ለክፍል ኃላፊ መምህር ይመለስ።

ናሙናው ላይ ሠንጠረዡን በዓረፍተ ነገር የተካሁት በአንድ ገጽ እንዲያልቅ ነው። ቦታ ከተረፈዎት ሠንጠረዡን ያስገቡት።

8. በወረቀቱ ጀርባ አፋን ኦሮሞውን ያትሙ

ጅማ ውስጥ አፋን ኦሮሞው ለይስሙላ የሚጨመር አይደለም። ከጅረን በኩል ለሚመጣ ወላጅ ዋናው ገጽ እሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አማርኛው ካለቀ በኋላ በጥድፊያ አይተርጎም። አፋን ኦሮሞ የሚያስተምር መምህር ይጻፈው፤ ሌላ ሰው ደግሞ አማርኛውን ሳያይ ያንብበውና ስንት፣ መቼ፣ የት እንደሚከፈል ይንገርዎ። ከተሳሳተ ገጹ ይስተካከላል።

ስህተት የሚበዛው የወር ስም ላይ ነው። «ፉልባና» ለአንዱ መስከረም ነው፣ ለሌላው የፈረንጆቹ መስከረም። ሌሎቹ ወሮችም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ምክንያት በአፋን ኦሮሞው ገጽ ቀኑን ከወር ስሙ በተጨማሪ በቁጥር ይጻፉት፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንም ይግለጹ። 4/2/2019 ሲባል ጥቅምት 4 ነው። ከዚያ ሁለቱን ገጾች ብርሃን ላይ ይዘው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ያስተያዩ።

9. ፈርመው፣ መዝግበው፣ ይበትኑ

መጀመሪያ ይፈርሙ፣ ከዚያ ማኅተሙ የፊርማውን ጫፍ ነክቶ ይረፍ። ዋናውን አባዝተው ከመበተንዎ በፊት ቁጥሩ መዝገብ ላይ መውጣቱን ያረጋግጡ። ቁጥር የሌለው ዋና ከተባዛ በኋላ በእስክሪብቶ መሙላት የየወረቀቱን ቁጥር ያለያየዋል።

ደብዳቤው በልጁ እጅ ይሂድ፤ ግን በልጁ እጅ ብቻ አይተዉት። የአንደኛ ክፍል ልጅ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ሳምንት የሚያድር ወረቀት ብዙ ነው። በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሁለቱንም ገጽ ጥርት ያለ ፎቶ ያድርጉ። ማኅተሙ ይታይ። በራስዎ ቃል አጠር አድርገው እንደገና አይጻፉት፤ ያጠረው ጽሑፍ ብቻውን ከግሩፕ ግሩፕ ይዞራል።

ቁራጮቹን በስም ዝርዝሩ ላይ ምልክት እያደረጉ ይሰብስቡ። ሰኔ 12 ላይ ያልመለሱትን ብቻ በስልክ ይጥሩ። የተፈረመው ቁራጭ ወላጁ መስማማቱን አያሳይም፤ መቀበሉን ነው። ስለዚህ ቁራጩ ላይ «ተስማምቻለሁ» የሚል ቃል አያስገቡ። ብዙ ወላጅ እሷን ቃል አይቶ ሳይፈርም ያስቀረዋል፤ ያኔ ማን እንደደረሰው፣ ማን እንዳልደረሰው ማወቂያ ያጣሉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*«ከዛሬ ጀምሮ» የሚል ቃል።* ደብዳቤው ግንቦት ላይ ወጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ» ካለ፣ የሰኔ ክፍያም የጨመረ ይመስላል። «ከ2019 ዓ.ም መጀመሪያ ጀምሮ» ይበሉ።

*ሴሚስተር፣ ተርምና ሩብ ዓመት እየተቀያየሩ መጻፍ።* በአንድ ደብዳቤ ውስጥ አንዱን ስም ብቻ ይያዙ። «ተርም» ለአንዱ ወላጅ ሩብ ዓመት ነው፣ ለሌላው የዓመቱ ግማሽ። ሁለቱ ስሌቶች 3,600 እና 7,200 ናቸው።

*ሁለት ልጅ ያለው ወላጅ።* ቅናሽ ካለ ቁጥሩ ይጻፍ፤ ከሌለ ደብዳቤው ዝም ይበል። «እንደ አስፈላጊነቱ ይታያል» ካሉ ሁሉም ይመጣል።

*ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ስህተት መገኘት።* በእስክሪብቶ አይሰርዙ። አዲስ ቁጥር ያለው አጭር ደብዳቤ ያውጡና «በቁጥር (…) በወጣው ደብዳቤ ላይ ያለው (…) በዚህ ተተክቷል» ይበሉ። አሮጌውንም ከግሩፑ ያጥፉ።

አንድ ኮፒ ደግሞ የገንዘብ ያዧ መስኮት ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ በወላጅ ዓይን ልክ ይለጠፍ። ሁለቱም ገጽ እንዲነበብ ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ያድርጉ። ጥቅምት ሲገባ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እዚያ ነው።